«ይህማ መግቢያህ ነው» ለተባለ መደምደሚያ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን እያጠናቀቅኩ ነው። ጥናቴ የንባብ መጻሕፍትን ወደ ቤት መውሰድ ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ጋር ስላለው ግንኙነት ነው። በአንዱ ትምህርት ቤት 62 ልጆች በየሳምንቱ ዓርብ መጽሐፍ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሌላው ያሉት 58 ልጆች አይወስዱም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከ20 በሚታረም ፈተና የወሳጆቹ አማካይ ውጤት 12.4፣ የሌሎቹ 9.8 ሆነ። ከወሳጆቹ መካከል ቤታቸው አብሯቸው የሚያነብ ሰው የሌላቸው 19 ልጆች ያገኙት ግን 10.1 ነው። አማካሪዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ «ይህማ መግቢያህ ነው» ብለው መለሱልኝ። መደምደሚያ ማለት የተባለውን መሰብሰብ አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ልጻፍበት? የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«የማንበብ ልምድ ለትምህርት ጥራት ወሳኝ ሚና ይጫወታል። ይህ ጥናትም መጻሕፍትን ወደ ቤት መውሰድ ከአንብቦ መረዳት ጋር ያለውን ግንኙነት ለመመርመር ሞክሯል። በውጤቱም መጻሕፍትን ወደ ቤት መውሰድ የተማሪዎችን ችሎታ እንደሚያሳድግ ተረጋግጧል። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ወላጆችና የሚመለከታቸው አካላት ለጉዳዩ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል። ወደፊትም ሌሎች ተመራማሪዎች ሰፊ ጥናት ቢያካሂዱ መልካም ነው።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አማካሪዎ ያዩትን ነገር እርስዎም በአንድ ቀላል መፈተኛ ሊያዩት ይችላሉ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይያዙና «ይህን መረጃ ከመሰብሰቤ በፊት፣ ገና ፕሮፖዛል ላይ ሳለሁ ልጽፈው እችል ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ የመግቢያ እንጂ የመደምደሚያ አይደለም። ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮችዎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃል በቃል ፕሮፖዛል ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ውጤቱ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮም ሳይነኩ ይቆሙ ነበር፤ ትኩረት ይሰጠው፣ ሰፊ ጥናት ይካሄድ የማይባልበት ርዕስ የለምና። የሚተርፈው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ጥናትዎ ከሚችለው በላይ ይናገራል። ወደዚያ እንመለስበታለን።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ አምስተኛ ምዕራፍ «ማጠቃለያ፣ መደምደሚያና አስተያየት» ይባላል። ሦስቱ ስሞች ተከታትለው ስለሚመጡ ብዙዎች አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ይጽፉታል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ማጠቃለያው የተሠራውንና የተገኘውን ባጭሩ ይሰበስባል፤ መድገም የሚፈቀደው እዚያ ነው፣ ቁጥሮቹም እዚያ ይገባሉ። መደምደሚያው የተገኘው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይፈርዳል። አስተያየቱ ደግሞ ፍርዱን ተከትሎ ማን ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ይናገራል። እርስዎ መሰብሰቡን ለማጠቃለያው ይተዉት። አንባቢው መደምደሚያው ላይ ሲደርስ አራት ምዕራፍ አንብቦ ነው፤ የሚፈልገው ምዕራፍ አንድን ሲያነብ ሊያውቅ የማይችለውን ነገር ነው።

መጀመሪያ የጥናት ጥያቄዎን መልስ ይጻፉ፤ የመልሱን ጥንካሬም አብረው ይመጥኑ። «እንደሚያሳድግ ተረጋግጧል» ብለዋል። ሆኖም በላኩልን ገለጻ ውስጥ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ልጆቹ የተፈተኑት ቅድመ ፈተና የለም። ወሳጆቹ ከመጀመሪያውም የተሻሉ አንባቢዎች ይሆኑ እንደሆነ መረጃዎ አይናገርም። ደግሞም መጻሕፍት የሚያስወስደው አንድ ትምህርት ቤት፣ የማያስወስደውም አንድ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ልዩነቱ የመጽሐፉ ይሁን የመምህሩ ወይም የሰፈሩ አቅም ለይቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ጥናቱ የሚችለው «የሚወስዱት ልጆች የተሻለ ውጤት አላቸው» ማለት ነው፤ «መውሰዳቸው ነው ያሻሻላቸው» ለማለት አይደርስም። ገምጋሚ ፈታኝ መጀመሪያ የሚይዝዎት እዚህ ላይ ይሆናል። «ተረጋግጧል» የሚለውን «ተዛምዶ ታይቷል» ወይም «አብሮ ተገኝቷል» በሚለው መቀየር ጥናቱን ያሳነሰ ሊመስልዎ ይችላል፤ ግን በጥያቄ የማይፈርስ ዓረፍተ ነገር ያተርፍልዎታል።

ቀጥሎ ያለው የመደምደሚያው ትልቁ ሥራ ነው፤ እርስዎም እጅዎ ላይ ይዘውት አልተጠቀሙበትም። ምዕራፍ አራት ግኝቶችን በየዓላማው ሥር ለየብቻ ይዘረዝራል፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያነጋግረው መደምደሚያው ነው። አስራ ዘጠኙን ልጆች ይመልከቱ። እነሱም መጽሐፍ ወስደዋል፤ ውጤታቸው ግን መጽሐፍ ከማይወስዱት ልጆች ውጤት በ0.3 ብቻ ይበልጣል። እነሱን አውጥተን የቀሩትን 43 ወሳጆች ብናሰላ አማካዩ ወደ 13.4 ይወጣል። በሌላ አነጋገር፣ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል የታየው የ2.6 ልዩነት ከሞላ ጎደል የመጣው ቤታቸው አብሯቸው የሚያነብ ሰው ካላቸው ልጆች ነው። ይህ ርዕስዎን ራሱን ይቀይረዋል! ጥያቄዎ «መጽሐፉ ቤት ገባ ወይ?» የሚል ነበር፤ መረጃዎ ግን «ቤት ከገባ በኋላ ማን ከፈተው?» ወደሚለው ወስዶዎታል። አማካሪዎ መደምደሚያዎ ውስጥ የፈለጉት ይህን የመሰለ፣ ከግኝቶቹ መገናኘት ብቻ የሚወለድ ዓረፍተ ነገር ይመስለናል።

እዚህ ላይ የሚፈሩ ተማሪዎች አሉ፤ «መደምደሚያ ላይ አዲስ ነገር አይገባም» ተብለው ስለተማሩ። ሕጉ ትክክል ነው፣ ግን የሚከለክለው አዲስ መረጃና አዲስ ማስረጃ ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ያልታየ ሠንጠረዥ፣ ያልተጠቀሰ ቃለ መጠይቅ ወይም ድንገት ብቅ የሚል ጥቅስ መደምደሚያ ላይ አይግባ። አዲስ ሐሳብ ግን ሊገባ ይገባዋል። የ43ቱ ልጆች አማካይ ምዕራፍ አራት ላይ ከሌለ፣ መጀመሪያ እዚያ ሄደው ያስገቡት፤ ከዚያ በኋላ መደምደሚያው ላይ ትርጉሙን ይናገሩ።

አሁን ወደ አንድምታው እንምጣ። አንድምታ ማለት «ይህ ግኝት እውነት ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የምናስበው ወይም የምናደርገው ምኑ ይቀየራል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ጥሩ አንድምታ ከግኝቱ የሚነሳበት እርምጃ ይታያል፤ በመሐል ያልተፈተነ ነገር ካለም ይናገራል። ለዚህ ከአገራችን የሳይንስ ታሪክ የእንዶድን ጥናት ያህል ጥርት ያለ ምሳሌ አናውቅም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ የግድ ይለዋል። የመጀመሪያው ግኝት እንግዲህ «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» የሚል ነው። አንድምታው ደግሞ «ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ ዑደት ይቋረጣል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ በሚያበቅለውና በሚያውቀው ተክል በሽታውን መቀነስ ይቻል ይሆናል» የሚል ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ልብ ይበሉ። የቀንድ አውጣ መሞት በሽተኛ መቀነሱን አያሳይም። ቀንድ አውጣው ተመልሶ ሊራባ ይችላል፤ ሰው ሌላ ወንዝ ሄዶ ሊያዝ ይችላል። ይህ ርቀት የተፈተነው ከዓመታት በኋላ እዚያው አድዋ ላይ በአምስት ዓመት ሥራ ነው፤ በውጤቱም በበሽታው የተያዘው ሰው ድርሻ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ መውረዱ ተዘገበ። ከመጀመሪያው ምልከታ ተነስቶ «እንዶድ ቢልሃርዚያን እንደሚያጠፋ ተረጋግጧል» ብሎ የሚጽፍ ሰው የዚያን አምስት ዓመት ሥራ በአንድ ግስ ዘሎታል ማለት ነው። «ይቻል ይሆናል፤ የሚቀረው በሰዎች ላይ ያለው የመያዝ መጠን መቀነሱን መለካት ነው» ብሎ የሚጽፈው ግን አንድምታውንም፣ ቀጣዩንም ጥናት በአንድ ጊዜ ሰጥቷል።

በእርስዎ ጥናት ያለው ርቀት ይህን ይመስላል። የታየው፦ አብሯቸው የሚያነብ ሰው ያላቸው ወሳጆች በልጠዋል፤ የሌላቸው ብዙም አልበለጡም። ከዚህ የሚከተለው አንድምታ መጽሐፍ ማከፋፈል ብቻውን ለሁሉም ልጆች እኩል ላይጠቅም ይችላል የሚል ነው። እንዲያውም አንድ ደስ የማይል ነገር ይጠቁማል፤ ያለ ድጋፍ የሚደረግ ማስወሰድ በሚያነቡና በማያነቡ ቤተሰቦች ልጆች መካከል ያለውን ልዩነት ሊያሰፋ ይችላል። ይህን መጻፍ አይፍሩ። ፕሮግራሙን የሚደግፍ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው መረጃ ነው።

አስተያየቱ ከዚህ በኋላ ይቀላል፤ አድራጊው፣ ድርጊቱና ምክንያቱ ከግኝቱ ስለሚመጡ ነው። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚለውን ሐረግ ከጽሑፍዎ ውስጥ ፈልገው ያውጡት፤ በሱ ስም ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው የለም። ትምህርት ሚኒስቴርንም ለጊዜው ይተዉት፤ በሁለት ትምህርት ቤቶች ውጤት አገራዊ መመሪያ አይጠየቅም። በዚህ ጥናት መሠረት ነገ አንድ ነገር ሊቀይር የሚችለው ዓርብ ዕለት መጽሐፉን የሚሰጠው መምህር ነው። እሱ ሊያደርገው የሚችለው፣ ቤት የሚያነብ ሰው የሌላቸውን ልጆች ለይቶ ከአንድ የተሻለ ከሚያነብ የሰፈር ልጅ ጋር ማጣመር፣ ወይም ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ያሉትን አስር ደቂቃዎች ለነሱ መመደብ ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ርእሰ መምህሩም ሊፈቅደው ይችላል። ነገር ግን «ማጣመሩ ውጤት ያመጣል» አይበሉ፤ አልፈተኑትም። «ሊሞከር ይገባዋል» ይበሉ።

ያልተመለሱ ጥያቄዎችን በተመለከተ ብዙ መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ነው። «ሰፊ ጥናት ቢካሄድ» የሚለው ጥያቄ አይደለም። ሰፊ ማለት ብዙ ልጆች ከሆነ፣ ያንኑ ጥናት በ1200 ልጆች ላይ ያለ ቅድመ ፈተና ቢደግሙት ያው ጥርጣሬ አብሮ ይሰፋል። የጥናቱን ውስንነት መዘርዘርም ጥያቄ ማቅረብ አይደለም። «ጊዜና ገንዘብ ስላጠረኝ ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ አየሁ» የሚለው ስለ እርስዎ ይናገራል፤ ቦታውም ምዕራፍ አንድ ወይም ሦስት ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ የሚባለው ግኝቱ ራሱ የፈጠረው፣ ሁለት መልስ ሊኖረው የሚችል፣ የትኛው ትክክል እንደሆነም የሚለይበት መንገድ የሚታወቅ ጥያቄ ነው።

ከአስራ ዘጠኙ ልጆች አንዱን እንሥራ። ውጤታቸው ለምን ዝቅ አለ? አንዱ መልስ ቤት ውስጥ የሚያግዛቸው ሰው ስለሌለ ሲያነቡ የተቸገሩበትን ቃል የሚነግራቸው አጡ የሚል ነው። ሌላው መልስ ግን አንባቢ የሌለበት ቤት ብዙውን ጊዜ ድሃ ቤት ነው የሚል ይሆናል፤ ልጁ ከትምህርት በኋላ ሥራ አለበት፣ መጽሐፉ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ከሆነ መፍትሔው የሚያግዝ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ከሆነ ጊዜ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምንድን ነው? ልጆቹ ቤት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንዳነበቡ በየሳምንቱ መመዝገብ። ደቂቃቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ውጤታቸው ዝቅ ካለ የጎደላቸው እገዛ ነው ወደሚለው እናደላለን፤ ደቂቃቸው ራሱ ካነሰ ጊዜ ወደሚለው። ይህን ሦስት አራት መስመር ከጻፉ ቀጣዩ ተማሪ የእርስዎን ጽሑፍ ከፍቶ ፕሮፖዛሉን ከዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅድም ያነሳነው የቅድመ ፈተና ጉዳይ ነው፤ በሁለት መስመር ይበቃዋል። ሦስተኛና አራተኛ አይጨምሩ። አስር ጥያቄ የደረደረ መደምደሚያ የትኛው እንደሚቀድም አልወሰነም፤ መወሰኑ ደግሞ የእርስዎ ፋንታ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አስራ ዘጠኝ ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው። ሁለትና ሦስት ልጆች በጣም ዝቅ ያለ ውጤት ቢያመጡ አማካዩን ይዘውት ይወርዳሉ። የነጠላ ውጤቶቻቸውን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ በ10 ዙሪያ ከሆኑ ሐሳቡ ይቆማል፣ ግማሾቹ 14 ግማሾቹ 6 ከሆኑ ግን ይህ ቡድን አንድ ቡድን አይደለምና መደምደሚያውን ይቀንሱ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ አንቀጽ ስናመጣው የሚከተለውን ይመስላል። እንዳለ አይገልብጡት፤ ነጠላ ውጤቶቹን ካዩ በኋላ በራስዎ ቋንቋ ይጻፉት።

«በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍትን ወደ ቤት የሚወስዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከማይወስዱት የተሻለ አንብቦ የመረዳት ውጤት አላቸው። ይሁን እንጂ ብልጫው በሁሉም ወሳጆች ላይ አልታየም። ቤታቸው አብሯቸው የሚያነብ ሰው የሌላቸው ልጆች ውጤት ከማይወስዱት ልጆች ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ከውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው መጽሐፉ ቤት መግባቱ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ አብሮ መነበቡ ይመስላል። ጥናቱ ቅድመ ፈተና ስለሌለው ይህን እንደ ምክንያትና ውጤት ማቅረብ አይቻልም። ግኝቱ በሌላ ጥናት ቢጸና፣ ማስወሰድን ብቻ የሚያስፋፋ ፕሮግራም በልጆች መካከል ያለውን ልዩነት ሊያሰፋ እንደሚችል ያመለክታል። እነዚህ ልጆች ወደ ኋላ የቀሩት እገዛ በማጣታቸው ይሁን የማንበቢያ ጊዜ በማጣታቸው ይህ ጥናት አልለየም፤ ቤት ውስጥ የሚነበብበትን ደቂቃ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ጥናት ሊለየው ይችላል።»

በዚህ አንቀጽ ላይ ቅድም የሰጠንዎትን መፈተኛ ይሞክሩት፤ ፕሮፖዛል ላይ ሳሉ ሊጽፉት የሚችሉት ዓረፍተ ነገር አያገኙም። ቁጥርም የለበትም፤ ቁጥሮቹ ማጠቃለያው ላይ ከአንድ ገጽ በፊት ተነግረዋል። «በአጠቃላይ» ብሎም አልጀመረም፤ ርዕሱ «መደምደሚያ» እያለ ቃሉ የሚጨምረው ነገር የለም። የቅደም ተከተሉም ነገር ታስቦበታል፤ ውስንነቱ በመሐል የገባው አንባቢው የግኝቱን ክብደት እንዲመዝንበት እንጂ ምዕራፉ በይቅርታ እንዲዘጋ አይደለም። በርዝመት ረገድ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ የጥናት ጥያቄ አንድ እንዲህ ያለ አንቀጽ በቂ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ካለዎት መደምደሚያው ከአንድ ገጽ ተኩል ብዙም አይዘልም። ያው ጥናት ለጆርናል ሲዘጋጅ ግን ወደ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ይወርዳል።

ይህን ከጨረሱ በኋላ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ሥራ አለ። ምዕራፍ አንድ ላይ ስለ ቤት ውስጥ አንባቢ የሚጠይቅ የጥናት ጥያቄ ከሌለ፣ መደምደሚያዎ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሷል ይባላል። ጥያቄውን ከመጀመሪያው እንደነበረ አስመስለው አይጨምሩት፤ ያ ሐቀኝነት አይደለም። ምዕራፍ አራት ላይ «በትንተናው ወቅት የታየ ተጨማሪ ግኝት» ብለው ለይተው ያስቀምጡት፤ መደምደሚያውም ሲጠቅሰው በዚያው ስም ይጥራው። አሕጽሮተ ጥናቱንም ይክፈቱ፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩ እስካሁን «አስተያየቶች ተሰጥተዋል» የሚል ከሆነ እሱን ሰርዘው በቦታው ስለ አብሮ መነበቡ የጻፉትን ፍርድ ከነ«ይመስላል»ው ያስገቡበት።